«ሁለቱንም አያይዣለሁ»

«ሁለቱንም ውሎች አያይዣለሁ፤ ልዩነታቸውን ከምሳ በፊት አሳውቀኝ» ይላል መልእክቱ። የተያያዘው ግን አንድ ነው። «አንድ እጅ አያጨበጭብም» የምትለዋን ተረት እወዳታለሁ፤ ሰው ለትብብር ይጠቅሳታል እንጂ የቀረው እጅ የት ሄደ ብሎ የሚጠይቅ የለም። የመጣው እጅ ነው ሁልጊዜ «ለምን አላጨበጨብክም?» የሚባለው።

ከዚህ የባሰው ደግሞ አንዱ ሁለት መስሎ ሲመጣ ነው። «ውል.docx» እና «ውል (1).docx» ይላሉ። ያቺን (1) የጻፋት ጠበቃ አይደለም፤ ያው ስም ያለው ፋይል ለሁለተኛ ጊዜ ሲወርድ ኮምፒውተሩ ራሱ የቀጠላት ናት። ሁለቱም በባይት እኩል ከሆኑ ጠርጥሩ። ይህን ሳያይ ያመሳከረ ሰው ልዩነቱ ዜሮ ይሆንለታል፣ «ምንም አልተቀየረም» ብሎ ይጽፋል፣ ሰዎቹም ይፈርማሉ። ፋይልን «የመጨረሻ» ብሎ መሰየም የጀመረውን ሰው ደግሞ ባገኘው! ከእሱ ወዲህ «የመጨረሻ 2» እና «የመጨረሻ የታረመ» አሉ፤ ቀን የሚጽፍ ግን ጠፋ።

ለማንኛውም፣ የመጣው ግማሽ ዝም ብሎ አይቀመጥም። የሱቅ ኪራይ ውል ነው እንበል። አንቀጽ 7 «በአንቀጽ 4.3 በተገለጸው መሠረት» ይላል፤ አንቀጽ 4ን ስትገልጡት 4.2 ላይ ያበቃል። ስለዚህ አንድ ንዑስ አንቀጽ ወጥቷል፣ ወይም ቁጥሩ ሲዛወር ጠቋሚው ተረስቷል። ኪራዩ በአኃዝ 18,000፣ በፊደል «አሥራ አምስት ሺህ ብር» ከሆነ፣ አንዱን ያረመ እጅ ሌላውን ረስቶታል ማለት ነው። ውሉ «እስከ ሰኔ 30 ቀን 2017» ካለ፣ ዓመተ ምሕረቱ የማን እንደሆነ ካልተጻፈ የሚያከራክር የሰባት ስምንት ዓመት ነገር አለ። «አባሪ 2» ተጠቅሶ አባሪው አንድ ብቻ እንደሆነም እዩ።

ፋይሉ የዎርድ ከሆነ ቅጂ አውጡና Review ውስጥ ገብታችሁ Reject All በሉ፤ ያልጸደቁ እርማቶች ተመዝግበው ከነበሩ የቀድሞው ጽሑፍ ይመለሳል። Track Changes ሳይበራ የተሰረዘ ግን አይመለስም። ስለዚህ የተመለሰውን «የመጀመሪያው ውል» ብሎ መላክ ነውር ነው። 18,000 የቀድሞው ይሁን የአዲሱ፣ ከአንዱ ፋይል ብቻ መለየትም አይቻልም። ግምትን «ልዩነት» ብሎ በሰንጠረዥ የሚያቀርብ ባለሙያ እኔን በእውነት ያናድደኛል።

ምላሹ አጭር ይሁን፦ «የደረሰኝ ‹ውል.docx› ብቻ ነው፤ 9 ገጽ። በውስጡ እርስ በርስ የማይጣጣሙ ወይም ግልጽ ያልሆኑ አራት ቦታዎች አሉ፣ ከታች ዘርዝሬያለሁ። ይህ ማመሳከር አይደለም። ሌላኛውን ይላኩልኝ።»

ይልካል። ከምሳ በኋላ፣ በቴሌግራም፣ በፎቶ፣ ገጽ 6 የሌለበት።