ማስተካከያ፦ የታገደ ሒሳብ በክፍያ ስምምነት ብቻ አይከፈትም

«የግብር ዕዳዬን በየወሩ ለመክፈል ከተስማማሁ የባንክ ሒሳቤ ወዲያው ይከፈታል ተብዬ ነበር። እውነት ነው?»

አይደለም። ባንኩ ሒሳቡን የሚከፍተው እግዱን ያዘዘው መሥሪያ ቤት የእግድ ማንሻ ደብዳቤ ሲጽፍለት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ከባንኩ የእግዱን ደብዳቤ ቁጥርና ማን እንደፈረመው ይጠይቁ። ድሬዳዋ ላይ ይሄ ብዙ ሰው ያደናግራል፤ የገቢዎች ሚኒስቴር ቅርንጫፍ ያሳገደውን የከተማ አስተዳደሩ ገቢዎች ሊያነሳው አይችልም።

ዕዳው 240,000 ብር፣ የታገደው ሒሳብ ውስጥ ያለው 90,000 ብር ነው እንበል። በአዋጅ 983/2008 መሠረት የጊዜ ማራዘሚያ በጽሑፍ ሲጠይቁ 60,000 ብሩ ከዚያው ከታገደው ሒሳብ ወደ ግብሩ እንዲተላለፍ፣ ቀሪው 180,000 በ6 ወር፣ በየወሩ 30,000 እንዲከፈል ያመልክቱ። መቀበል ግን የመሥሪያ ቤቱ ሥልጣን ነው። በዚያው ማመልከቻ ላይ እግዱ እንዲነሳ ለይተው ይጠይቁ፤ የሚረሳው ይሄ ነው። እግዱ የሄደባቸውን ባንኮች በሙሉ በስም ይዘርዝሩ፣ አለዚያ አንዱ ተከፍቶ ሌላው እንደተዘጋ ይቀራል።

ወለዱ በስምምነቱ አይቆምም። የአንድ ወር ክፍያ ካለፈዎት ደግሞ ቀሪው ዕዳ በአንድ ጊዜ ይጠየቃል፣ ሒሳቡም እንደገና ሊታገድ ይችላል።