ይድረስ ለፎቶ አንሺያችን

ሰላም ወንድሜ፣ የላክልን ናሙና ፎቶ ደርሶናል። እጅህ ይባረክ። ሙሽራዋ በጣም ታምራለች። ማን ናት ግን?

እናቴ ስልኩን አርቃ አየችው፣ አቅርባ አየችው፣ መነጽሯን ጠረገች። ከዚያ "ደህና ልጅ ትመስላለች፤ ያንቺስ ፎቶ መቼ ነው የሚመጣው?" አለችኝ።

ብጉሬን ስላጠፋህልኝ አመሰግናለሁ። ለሰርጌ ቀን ብላ አገጬ ላይ የወጣች፣ ሳትጠራ የመጣች እንግዳ ነበረች። አንተ ግን እሷን ስትሸኝ ጉንጬ ላይ ማርያም የሳመችኝንም አብረህ ሸኘሃት። ስለዚህ አንድ ደንብ እናውጣ፦ በሁለት ሳምንት ውስጥ በራሱ ጊዜ የሚጠፋ ነገር ይጥፋ። ብጉር፣ የትንኝ ንክሻ፣ ጥርስ ላይ የቀረ ሊፒስቲክ። አብሮን የሚያረጅ ነገር ግን ይቆይ። የኔ ምልክት፣ የባሌ የቅንድብ ጠባሳ፣ የጥርሱ ፍንጭት። ፍንጭቱን ሞልተህበታል! እኔ እኮ ግማሹን ያገባሁት ለሷ ብዬ ነው።

ወደ ቆዳዬ ልምጣ። ከሩቅ ሲታይ ያምራል። አጉልቼ ሳየው ግን ሻማ ሆኛለሁ። ፊቴ ሻማ፣ አንገቴ የድሮው አንገቴ፣ እጄ ደግሞ የሌላ ሰው። ሦስት ሰው ተዋጥቶ አንድ ቬሎ የለበሰ ነው የሚመስለው። ማለስለሻውን ለብቻው በሌላ ሌየር ሥራና ኦፓሲቲውን ወደ ግማሽ አውርደው። ከዚያ 100% አጉልተህ እየው። የቆዳዬ ቀዳዳዎች ካልታዩህ አሁንም በዝቷል። ከዓይኔ ሥር ያለውን ጥላም ቀለል አድርገው እንጂ አታጥፋው። ሌሊቱን እንዳልተኛሁ ቤተሰቡ ሁሉ ያውቃል።

ደግሞ ጠይም ሆነን መጥተን ቀይ ሆነን ወጣን። ፎቶው ጨልሞብህ ከሆነ ሙሉውን አብራው፤ የኛን ፊት ለብቻ አትጠበው።

ወገቤን በማቅጠንህ፣ አልዋሽህም፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ችግሩ ከኋላዬ ያለው የበር መቃን ነው። ከላይ ቀጥ ብሎ ይመጣና ወገቤ ጋ ሲደርስ እንደ ቀስት ይጎብጣል። ባሌ "በሩ ራሱ ሰገደልሽ" እያለ ሁለት ቀን ሳቀብኝ። ስለዚህ የሰውነት ቅርጽ አይነካም። ትከሻዬ ላይ የተጨማደደውን ቬሎ ግን አቃናው፤ እሱ የሰፊው ጥፋት ነው።

አክስቴን ሠላሳ ዓመት ቀንሰህላታል። እሷን ተዋት። ፎቶውን ለዘመድ አዝማድ ልካ ጨርሳለች፣ አሁን ብትመልሰው እኔን ነው የምትቀየመኝ።

ሁሉንም ከመጀመርህ በፊት አንድ የኔን፣ አንድ የሁለታችንን አስተካክለህ ላክ። እሺ ስንልህ ትቀጥላለህ። ኦርጅናሎቹን እንዳታጠፋ።

በነገራችን ላይ፣ ባሌ ተደብቆ ጽፎልህ ግንባሩ ላይ ፀጉር እንድትጨምርለት መለመኑን ደርሼበታለሁ። የሄደ ፀጉር በሁለት ሳምንት አይመለስም። ደንቡ እሱንም ይመለከታል።