ማውሱ በማን እጅ ነው?

በምሠራበት የሜሪላንድ መሥሪያ ቤት ያየሁት አንድ ነገር ከወራት በኋላም ከልቤ አልወጣም። ጡረታ ሊወጡ ጥቂት ዓመታት የቀሯቸው የክፍላችን ዳይሬክተር፣ ከተቀጠረች ሁለት ዓመት ያልሞላት ወጣት አጠገብ ተቀምጠው ኮምፒውተር ላይ አንድ ሰነድ ይፈልጋሉ። ልጅቷ ሁለቱንም እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ዝም ብላ ትጠብቃለች። የቢሮው ግድግዳ መስታወት ነው፤ በሩም ክፍት ስለነበር አላፊ አግዳሚው ሁሉ ያያል። እውነቱን ለመናገር ገብቼ ማውሱን ልቀበላቸው ዳድቶኝ ነበር።

ሪቨርስ ሜንቶሪንግ ይሉታል፤ ታናሹ ታላቁን የሚያስተምርበት ፕሮግራም ነው። በ1999 እ.ኤ.አ. የጄኔራል ኤሌክትሪክ ዋና ሥራ አስፈጻሚ የነበሩት ጃክ ዌልች 500 የሚሆኑ ከፍተኛ ኃላፊዎቻቸው ወጣት ሠራተኞችን ፈልገው ኢንተርኔት እንዲማሩ ባዘዙ ጊዜ ስሙ ገነነ፤ ዌልች ራሳቸውም ከተማሪዎቹ አንዱ ነበሩ። በእኛ መሥሪያ ቤት ጥንዶቹ በየሁለት ሳምንቱ ለአንድ ሰዓት ይገናኛሉ። አስተማሪው ከተማሪው ክፍል አይመደብም፤ የሥራ አፈጻጸሙን የሚሞላለትን አለቃ «ተሳስተዋል» ብሎ ማረም ለማንም ይከብዳልና። ልጅቷም ከሌላ ክፍል የመጣች ናት። ከሁሉም በላይ የገረመኝ ግን አስተማሪዎቹ ከመጀመራቸው በፊት የሚነገራቸው አንድ ደንብ ነው፦ የተማሪውን ማውስ አትንኩ።

ዳይሬክተሩ የተቸገሩት በየሩብ ዓመቱ በሚዘጋጀው ሪፖርት ነበር። ሰነዱን በኢሜይል ለስድስት ሰው ይልካሉ፤ ስድስት የተለያየ እርማት ይመለስላቸዋል፤ ከዚያ የትኛው የመጨረሻው እንደሆነ ይጠፋቸዋል። ልጅቷ በመጀመሪያው ቀን ያስተማረቻቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሰነዱን ጉግል ዶክስ ላይ አስቀምጦ Share በሚለው በኩል ሁሉም በአንዱ ላይ እንዲሠሩ ማድረግ። በሁለተኛው ቀጠሮ እንደገና ቅጂ በኢሜይል ልከው አገኘቻቸው። አልተቆጣችም፣ ሠርታም አልሰጠቻቸውም፤ ከመጀመሪያው እንዲያደርጉት ጠየቀቻቸው። ነገሩ የገባቸው በሦስተኛው ነው፤ አንድ ሰው በስህተት ሙሉ አንቀጽ አጥፍቶባቸው ሲደነግጡ Version history ከፍተው የትናንቱን ራሳቸው መለሱት። መማር አለመማሩ የሚለየውም እንዲህ ነው፤ ተማሪው አስተማሪው በሌለበት ቀን ያደርገዋል ወይስ ስልክ ይደውላል? ይደውላል ከሆነ ልጁ የኮምፒውተር ጠጋኝ ሆነ ማለት ነው። እዚህም ቢሆን ብዙ ጥንዶች እንዲህ ሆነው፣ ወይም ኃላፊው ቀጠሮ በሰረዘ ቁጥር ቀዝቅዘው፣ ሲቀሩ አይቻለሁ።

እኔን የቆጨኝ የራሴ ታሪክ ነው። አዲስ አበባ በአንድ መሥሪያ ቤት አራት ዓመት ስሠራ የኃላፊዬን ኢሜይል የምከፍተው፣ የምመልሰውና የይለፍ ቃላቸውን የማውቀው እኔ ነበርኩ። «ልጄ፣ እስቲ ይህችን ነገር አስተካክልልኝ» ሲሉኝ «እኔ እያለሁ እርስዎ ምን አደከመዎት!» ብዬ ከወንበራቸው ጎን ቆሜ፣ ጎንበስ ብዬ፣ በደቂቃ እጨርሰዋለሁ። አክብሮት መስሎኝ ነበር። ታምሜ ሁለት ሳምንት በቀረሁ ጊዜ ግን የበጀት ጥያቄ ኢሜይላቸው ውስጥ ሳይከፈት ቀኑ አለፈ፤ እርሳቸው ተወቀሱ፣ እኔም ተወቀስኩ። ብዙዎቻችን ጥፋቱን አለቆች ላይ እንጥላለን፤ መማር አይፈልጉም እንላለን። እኔ ግን በአራት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን «እርስዎ ይጫኑት» አላልኳቸውም። «አንተ» ማለት አላስፈለገኝም ነበር፤ በእርስዎታ ማስተማር ይቻላል። ያስቸገረኝ አንደበቴ ሳይሆን ፈጥኖ የሚዘረጋው እጄ ነበር።

ይህን ሁሉ አገር ቤት ለምትሠራው ለእህቴ ልጅ በስልክ ነገርኳት። እርሷም ከሌላ ክፍል ኃላፊ ጋር ተመሳሳይ ነገር ውስጥ ነበረች፤ ሠንጠረዥ ሠርታ ትሰጣቸዋለች፣ እርሳቸው ያመሰግኗታል፣ በሳምንቱ ያው ነው። በቀጣዩ ሐሙስ ስትገባ ወንበር ስባ ተቀመጠች፤ «ጋሼ፣ ዛሬ ማውሱን እርስዎ ይያዙልኝ፤ እኔ አጠገብዎ ነኝ» አለቻቸው። ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ ወንበራቸውን ወደ ጠረጴዛው አስጠጉና «በይ በሩን ዝጊውና ነይ» አሏት። ድምር ለማውጣት ሃያ ደቂቃ ፈጀባቸው፤ ሁለት ጊዜ የተሳሳተውን ዓምድ መረጡ፣ እርሷም እጇን ለመሰብሰብ ከራሷ ጋር እንደታገለች ነገረችኝ። ስትወጣ ግን የሚቀጥለውን ሐሙስ የቀጠሯት እርሳቸው ናቸው።