90 ፐርሰንት ያለቀው ኤፒክ ለምን አያልቅም?

ኧረ ይቺ የኤፒክ ፐርሰንት የምትሏት ነገር አንድ ቀን ታሳብደኛለች! በሰላም ስራችንን እየሰራን ማናጀሩ ዳሽቦርዱን ይከፍትና "90 ፐርሰንት ደርሳችኋል እኮ፣ በዚህ ሳምንት ያልቃል አይደል?" ይለናል። ምኑ ነው የሚያልቀው? አረንጓዴዋ መስመር ጫፍ ደረሰች እንጂ ስራው ገና ነው።

እስቲ ከነቁጥሩ ላውራችሁ። ኤፒኩ የክፍያ ሲስተም መቀየር ነው፣ ስሩ 20 ታስክ አለ፣ 18ቱ ዳን ሆነዋል። 18 ለ 20 ሲካፈል 90 ፐርሰንት፣ ሂሳቡ ልክ ነው፣ ማንም አልዋሸም። ግን ያለቁትን ገብታችሁ ብታዩዋቸው በተን ላይ ያለ ጽሁፍ መቀየር፣ ኮንፊግ ማስተካከል፣ የኤረር ሜሴጅ መጨመር፣ ምናምን ናቸው። የቀሩት ሁለቱስ? አንዱ የድሮውን የደንበኞች ዳታ በሙሉ ወደ አዲሱ ሲስተም ማዛወር ነው፣ ሌላው ደግሞ የክፍያ አቅራቢው ቴስት አድርጎ ፕሮዳክሽን እንድንገባ እስኪፈቅድልን መጠበቅ፣ እሱ ደግሞ ጭራሽ እኛ እጅ ላይ ያለ ነገር አይደለም። ዳሽቦርዱ ግን በተኗንም ማይግሬሽኑንም እኩል አንድ አንድ ብሎ ይቆጥራቸዋል። ደሞ ሰው ሁሌም ቀላሉን ነው ቀድሞ የሚያነሳው፣ ስለዚህ ፐርሰንቱ መጀመሪያ ይሮጥ ይሮጥና መጨረሻ ላይ ሳምንት ሙሉ ንቅንቅ አይልም፣ ያኔ "ምን ነካችሁ፣ ደከማችሁ እንዴ?" ይመጣል።

"እና በስቶሪ ፖይንት አስሉታ" የሚል አይጠፋም። እሺ እናስላው። 18ቱ ያለቁት ተደምረው 24 ፖይንት ናቸው፣ ማይግሬሽኑ ብቻውን 13 ነው። 24 ለ 37፣ ወደ 65 ፐርሰንት። ይሻላል አይደል? ግን የአቅራቢው ፈቃድ የሚለው ቲኬት ላይ ማንም ፖይንት አልሞላም፣ ባዶ ነው፣ ባዶ ደግሞ ድምሩ ላይ ዜሮ ነው! ማለትም እንደሌለ ተቆጠረ። እሱም 13 ቢሰጠው 24 ለ 50 ይሆናል፣ 48 ፐርሰንት። በአንድ ቀን፣ አንድ መስመር ኮድ ሳይጻፍ፣ ያው ስራ 90ም ነው፣ 65ም ነው፣ 48ም ነው። የቱን ልንገረው ታዲያ ለሰውየው?

በጣም የሚያናድደኝ ግን ይሄ አይደለም። ማይግሬሽኑን የያዘው ልጅ እንደ ጨዋ ሰው ቁጭ ብሎ አሰበበትና አንዱን ትልቅ ቲኬት 6 ቦታ ከፈለው፣ ጥሩ አደረገ፣ አሁን ቢያንስ ምን እንደሚሰራ ይታወቃል። ታስኩ በሙሉ 25 ሆነ፣ 18 ለ 25 ደግሞ 72 ፐርሰንት ነው። ወዲያው "እንዴት ከ90 ወደ 72 ወረዳችሁ?" የሚል ስብሰባ ተጠራ!! ስራው ይበልጥ ግልጽ ስለሆነ ተቀጣን በሉት። ከዛ በኋላ ሰው ምን ይማራል? አለመክፈል ነዋ። ወይም ያልጨረሰውን ቲኬት ዳን ይልና ቀሪውን "ፎሎው አፕ" ብሎ ሌላ ኤፒክ ስር ይከፍተዋል። አንዳንዱ ደግሞ ይቅር የተባለውን ስራ ዳን ውስጥ ይከተዋል፣ ዳሽቦርዱም ተሰርቶ ያለቀውንና የተተወውን ሳይለይ አብሮ አረንጓዴ ይቀባዋል። ፐርሰንቱ ያምራል፣ የክፍያ ሲስተሙ ግን ላይቭ አልወጣም።

እኔ አሁን ስጠየቅ ፐርሰንቱን ትቼ የቀረውን ነው የማሳየው። ጂራ የምትጠቀሙ ይቺን ሞክሯት፣ የራሳችሁን የኤፒክ ቁጥር እያስገባችሁ፦

```
parent = PAY-40 AND statusCategory != Done
parent = PAY-40 AND created >= -14d
```

ለየብቻ ነው የሚሰሩት። የመጀመሪያዋ ያላለቀውን ታወጣለች፣ ሁለተኛዋ ባለፉት 14 ቀናት አዲስ የተከፈተውን። 4 ጨርሳችሁ 6 አዲስ ከተከፈተ የቀረው ስራ በ2 ጨምሯል፣ ፐርሰንቱ ግን 4ቱን መጨረሳችሁንም 6ቱ መከፈታቸውንም በአንድ ቁጥር ስር ቀብሮ ነው የሚያሳያችሁ። ከቀሩት ውስጥ ደግሞ ማን ማንን እየጠበቀ እንደሆነ አንድ መስመር ጻፉበት፣ ምክንያቱም አቅራቢው እስኪመልስ የሚጠብቅ ቲኬት ላይ ሶስት ሰው ተጨማሪ ብትመድቡም አይፈጥንም።

ሪፖርቱ ላይ የግድ ፐርሰንት ካላየን ለምትሉ አለቆች፣ በናታችሁ ከጎኑ በታስክ ቁጥር ይሁን በፖይንት እንደተሰላ፣ ፖይንት ያልተሞላላቸውም ስንት እንደሆኑ ይጻፍበት። እና ቁጥሩ ሲወርድ ስብሰባ ከመጥራታችሁ በፊት አዲስ ምን እንደተከፈተ አንዴ እዩ።