አይተን በደልናት

ወገኖቼ፣ ዛሬ የምቆጣው ባላዩት ላይ አይደለም። ያላየ ሰው ምን ይደረጋል? ሁሉም በራሱ ጣጣ ተይዞ ይውላል። የምቆጣው አይተን፣ ያውም በትክክል አይተን፣ ያየነውን ሰው መሸሸጊያ ባሳጣነው በእኛ ላይ ነው።

ነገሩ የሆነው መሥሪያ ቤት ውስጥ ነው። አንዲት ባልደረባ አለችን። ጠዋት ስትገባ እያንዳንዱን በስሙ እየጠራች ሰላም የምትል፣ አንዱን በክራቫቱ፣ ሌላውን በማርፈዱ ሳትነካካ የማትቀመጥ ሴት ናት። አንድ ሰኞ ገባችና «እንደምን አደራችሁ» አለች፣ ለሁላችንም በአንድ ላይ። «እንዴት ነሽ?» ሲሏት ትንሽ ቆየች። ከዚያ «አለሁ፣ እናንተስ?» ብላ መልሱን ሳትጠብቅ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። ኮምፒውተሯን ከፈተች። በቃ፣ ይኸው ነው።

ይህን ያስተዋለ ሰው ነበር። የክፍሉ አንጋፋ ሠራተኛ ነው። ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ነገሩ በቀለለኝ ነበር። ስብሰባ ሊጀመር ሁሉም ቦታ ቦታውን ከያዘ በኋላ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ «አንቺ፣ ምነው ፊትሽ? አለቀስሽ እንዴ?» አላት። ጨዋታው ሁሉ ቆመ። እሷ ሳቀች። «ኧረ ጉንፋን ነው» አለች።

እዚህ ላይ ቢያቆም ምን ነበረበት? ጉንፋን ነው ማለት «እዚህ አይደለም፣ አሁን አይደለም» ማለት እንደሆነ ሕፃን ልጅ እንኳ ይገባዋል። እሱ ግን ቀጠለ። «ጉንፋን እንዲህ አያደርግም። እኛ እኮ ቤተሰብ ነን። ከባልሽ ጋር ነው?» «አይደለም።» «እናትሽ ደህና ናቸው?» «ደህና ናቸው።» «ታዲያ ምንድነው?» «ምንም የለም አልኩ እኮ።» አንዷ ከወዲያ ማዶ «እኔ በሆዱ የሚይዝ ሰው ያስፈራኛል» ብላ ጣልቃ ገባች። አንዱ ሳቀ። የቀረነው ወረቀታችንን የምናነብ መስለን ጆሯችንን አቆምን። ደግሞ ተጠየቀች፤ ደግሞ «ምንም የለም» አለች። በመጨረሻ ድምጿ ከዳት። እዚያው፣ ሁሉም እያያት፣ ተናገረች።

ምን አለች? ይህን እንድጽፍ ፈቅዳልኛለች፤ ያንን ግን አልነግራችሁም። «ምን ይሆን?» ብላችሁ አሰባችሁ አይደል? እሷ ስታለቅስ እኛም ፊታችን ላይ የነበረው ይኸው ነበር። አዘንን እንላለን፤ ያዘንነው ግን ከሰማን በኋላ ነው። ከዚያ በፊት የነበረው ማወቅ መፈለግ ብቻ ነበር።

ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ላይኛው ፎቅ ሰማ። አንዱ መጥቶ «የባሰም አለ፣ አመስግኚ» አላት። ሌላዋ ምን ማድረግ እንደነበረባት አስረዳቻት። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ወደ ሌላ ክፍል ልዛወር ብላ ማመልከቻ አስገባች። አሁን ኮሪደር ላይ ስንገናኝ «እንዴት ነሽ?» ስትባል «በጣም ደህና!» ትላለች፣ ፈጠን ብላ፣ ፈገግ ብላ። ምንም አይታይባትም። ያስተማርናት ይህን ነው። ይህን ሳስብ ቁጣዬ ይጠፋና ሐዘን ብቻ ይቀራል።

ሰው «ደህና ነኝ» ሲል ዋሸን ብለን እንቀየማለን። ሃርቪ ሳክስ የሚባል አሜሪካዊ የማኅበረሰብ ተመራማሪ የሰላምታን ነገር በደንብ መርምሮታል። እሱ ያየው ይህን ነው፤ «ደህና አይደለሁም» ብለህ ከመለስክ ጠያቂው «ምነው?» ማለቱ አይቀርም። «ምነው?» ካለህ ደግሞ መዘርዘር ሊኖርብህ ነው። ስለዚህ መላሹ አፉን ከመክፈቱ በፊት በውስጡ አንድ ሂሳብ ይሠራል። ይህ ሰው ጉዳዩን ሊሰማ የሚገባው ነው? ቦታው ነው? ጊዜው ነው? አይደለም ካለ «ደህና» ይላል። ይህ ውሸት ሳይሆን በር መዝጋት ነው፤ በሩ ደግሞ የእሱ ነው።

ጌል ጄፈርሰን የምትባል ሌላ ተመራማሪ በ1980 ባሳተመችው ጥናት አንድ ነገር ጨመረች። ችግር ያለበት ሰው ብዙ ጊዜ ሙሉውን «ደህና» አይሰጥም፣ ችግሩንም አይናገርም። መካከለኛ መልስ ይሰጣል። የእኛን «አለሁ»፣ «ምንም አይል»፣ «እንግዲህ፣ እየሄደ ነው» አስቡ። በሩ አልተከፈተም፣ ግን ገርበብ ብሏል። ሰውየው ከፈለገ ይገፋዋል፣ ካልፈለገ ይዘጋዋል። የእኛ ባልደረባ ያን ጠዋት ያደረገችው ይህንኑ ነበር። እኛ ግን በሩን በርግደን ገባን።

ይህ ማለት «አለሁ» ያለ ሁሉ ተጨንቋል ማለት አይደለም። አንዳንዱ ሰው ዕድሜውን ሙሉ «አለሁ» ሲል ይኖራል፤ ሎተሪ ቢደርሰውም «አለሁ» ነው የሚለው። የሚነጻጸረው ሰውየው ከሌላ ሰው ጋር ሳይሆን ከራሱ ጋር ነው። ሁልጊዜ የሚቀልደው መቀለድ ተወ? በስም የሚጠራው በጅምላ ሰላም አለ? መልሱ ዘገየ? «አንተስ?» ብሎ ጥያቄውን ቶሎ ወደ አንተ መለሰው? አፉ ፈገግ ሲል ዓይኑ አብሮ አልሳቀም? አንዱ ብቻ ምንም አይናገርም። እንቅልፍ ያጣ ሰውም እንዲህ ይሆናል። ሁለት ሦስቱ አንድ ላይ ሲመጡ፣ ደግሞም ሲደጋገሙ፣ ያኔ ጠጋ ማለት ይገባል። ጠጋ ማለት ነው ያልኩት፤ መመርመር አላልኩም።

እንዴት ነው ጠጋ የሚባለው? እዚያው ሕንፃ፣ ያንኑ ቀን ከሰዓት በኋላ የሆነውን ልንገራችሁ። መዝገብ ቤት አንድ ትልቅ ሰው አሉ፤ ጋሼ እንላቸዋለን። ወሬው እሳቸው ዘንድ አልደረሰም ነበር። እሷ ፋይል ፍለጋ ወረደች። ሰላም አለቻቸው። ፋይሉን አውጥተው ሰጧትና፣ ፊቷን ትኩር ብለው ሳያዩ፣ «ዛሬ ድምፅሽ ዝቅ አለብኝ» አሏት። ትንሽ ቆይተው «መናገር የለብሽም። እኔ እስከ አስራ አንድ ሰዓት እዚሁ ነኝ፤ ይህን ሣጥን ነው የማስተካክለው፤ ከፈለግሽ አግዢኝ» ብለው ወደ ሥራቸው ዞሩ።

ያሉትን ልብ በሉት። ያዩትን ተናገሩ፣ ምክንያቱን ግን አልገመቱም። «ባልሽ ነው? እናትሽ ናቸው?» አላሉም። ግምት ሲደረደርለት ሰው ተከሳሽ ይሆናል፤ አንድ በአንድ እየካደ ይሄዳል፣ በካደ ቁጥርም ይበልጥ ይዘጋል። ደግሞ መውጫ ሰጧት። ላለመናገር አስቀድሞ የተፈቀደለት ሰው ለመናገር ይቀለዋል። ጊዜውንም አሳወቋት፤ «ስትፈልጊ ንገሪኝ» የሚባለው እኮ ብዙ ጊዜ መቼም እንዳትነግሪኝ ማለት ነው። እጇንም ሥራ አስያዙላት። ጎን ለጎን ሆኖ ወረቀት የሚደረድር ሰው ዓይን ለዓይን መተያየት አይጠበቅበትም፤ ዝምታውም አያሳፍርም።

ሣጥኑን ያዘች። ዝም ተባለ።

ይህ ዝምታ ነው እኛን የሚያቅተን። በ2009 የወጣ አስር ቋንቋዎችን ያነጻጸረ ጥናት እንዳሳየው፣ ሰው ለጥያቄ መልስ ለመጀመር የሚፈጅበት ጊዜ በአማካይ ከሰከንድ አንድ አምስተኛ አካባቢ ነው። በዚህ ፍጥነት የለመደ ጆሮ ሦስት ሰከንድ ዝምታ ሲገጥመው ይጨንቀዋል። ስለዚህ እንሞላዋለን፣ በሌላ ጥያቄ፣ በምክር፣ በራሳችን ታሪክ። ከባድ ነገር የያዘ ሰው ግን ቃል ለመምረጥ ከዚያ በላይ ያስፈልገዋል። ልንሞላው የተጣደፍንበት ክፍተት እሱ ሊናገርበት የነበረው ቦታ ነው።

ጋሼ አልሞሉትም። ቆይታ «እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል» አለች። ዋናው ነገር ይህ አልነበረም። ሰው መጀመሪያ ትንሹን ይወረውርና እንዴት እንደምትቀበለው ያያል። «እኔም እንቅልፍ የለኝም» ብትል አለቀ፣ ወሬው ወደ አንተ ዞረ። «ሐኪም ጋ ሂጂ» ብትልም አለቀ፣ መፍትሔ ተሰጥቶ ተዘጋ። እሳቸው «እንቅልፍ እምቢ አለሽ» ብለው የራሷን ቃል መለሱላት፣ ዝም አሉ። ከዚያ ቀጠለች። መቼ፣ ከማን ጋር፣ እንዴት ብለው አልጠየቁም። ስትጨርስ «ከዚህ አይወጣም። ነገ ካላነሳሽው እኔም አላነሳብሽም» አሏት። በማግስቱ እንደ ወትሮው ሰላም አሏት።

አንድ ነገር ግን ከዚህ ሁሉ ይለያል። ሰውየው መኖር እንደሰለቸው፣ ለሰው ሸክም እንደሆነ ከተናገረ፣ ወይም የሚወደውን ዕቃ ለሰው ማደል ከጀመረ፣ መሽኮርመም ይቅር። ለብቻችሁ ሆናችሁ በግልጽ ጠይቁት፤ «ራስህን ለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?» በሉት። መጠየቅ ሐሳቡን በሰው ጭንቅላት ውስጥ አይተክልም። አዎ ካለ ብቻውን አትተዉት፣ ለማንም አልናገርም ብላችሁም ቃል አትግቡ፤ የሚመለከተው ባለሙያ ጋ አብራችሁ ሂዱ። ከዚህ በመለስ ያለው ሐዘን ሁሉ ግን የባለቤቱ ነው። የመናገሩም የመደበቁም መብት የእሱ ነው።

ይህን አንብባችሁ «እንግዲያው ዝም ማለት ይሻላል» እንደምትሉ አውቃለሁ። መሥሪያ ቤታችንም እንዲሁ አለ። ከዚያ ሰኞ ወዲህ ፊቱ የጠቆረ ሰው ሲገባ ሁላችንም ስልካችን ላይ እንደፋለን፤ ጨዋነት መሰለን። አይደለም። ተራው የእናንተ ሲሆን፣ «አለሁ» ብላችሁ ስትቀመጡ፣ አንድ ሰው ድምፃችሁ ዝቅ ማለቱን እንዲሰማ ትፈልጋላችሁ። ግን ስብሰባ ላይ እንዲነግራችሁ አትፈልጉም።

ብዙ አልጠብቅም። ሰው ከልማዱ በአንድ ጽሑፍ አይላቀቅም፤ ያ አንጋፋ ሠራተኛም ይህን ቢያነብ ስለ ሌላ ሰው የተጻፈ ነው የሚመስለው። ግን ከመካከላችሁ አንዱ፣ ነገ ጠዋት «ጉንፋን ነው» ሲባል፣ ምላሱ ጫፍ ላይ የደረሰችውን ሁለተኛ ጥያቄ ውጦ «እሺ፣ ከሰዓት በኋላ እዚህ ነኝ» ቢል ለእኔ ይበቃኛል። ሁለት ሰው አደረገው ብትሉኝ ግን አላምንም።