አስማተኛዋ ለምን በረዳት?

«አስማት ዋጋ ከተቆረጠለት ሒሳብ ሆነ ማለት ነው።» ሰሞኑን እዚህ ጅማ አንድ የልብወለድ ውድድር ዳኛ የአንዲትን ወጣት ድርሰት የጣሉት በዚህች ዓረፍተ ነገር ነው። አዳራሹም አጨበጨበ።

ሒሳብ መሆኑ ምኑ ላይ ነው ጥፋቱ?

በድርሰቱ ውስጥ ያለችው ልጅ እርጥብ ነገር ነክታ ታደርቃለች። ሙቀቱ የሚወጣው ግን ከገዛ ገላዋ ነው። ማድረቂያ አልጋ ላይ የተሰጣው የአባቷ ቡና ዝናብ ይመታዋል፤ ካልደረቀ ይሻግታል። እስቲ ዳኛው የናቁትን ሒሳብ እንሥራው። አንድ የቡና ሲኒ ውሃ ለማትነን የሚፈጀው ሙቀት ሃምሳ ኪሎ የምትመዝንን ልጅ ገላ በአንድ ዲግሪ ገደማ ያቀዘቅዛል። ከ37 ተነስታ 35 ስትደርስ ሰውነቷ አደጋ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ በአንድ ጊዜ ያላት ሁለት ሲኒ ነው። እስክትሞቅ መብላትና መጠበቅ አለባት። አንድ አልጋ ሙሉ ቡና? በፍጹም!

አሁን ታሪኩን እዩት። ጠዋት ጥቂት እሸት አድርቃ እየተንቀጠቀጠች ሳለ ታናሽ ወንድሟን ከወንዝ አውጥተው ያመጡላታል። ልብሱ ውሃ ነው፤ ከንፈሩ ጠቁሯል። አንባቢው ማንም ሳይነግረው ያሰላል። ሙቀቷን ቡናው ላይ ጨርሳዋለች። ጭንቁ የመጣው ከቁጥሩ ነው። ዋጋው ባይኖር ልጁን ነክታ ታደርቀውና ወደ ቤት ይሄዳሉ። ይኼ ምኑ ታሪክ ነው?

የምናባዊ ልብወለድ ደራሲው ብራንደን ሳንደርሰን በ2007 እንደ ሕግ አድርጎ የጻፈው ይህንኑ ነው፤ ደራሲ ችግርን በአስማት ፈትቶ አንባቢን ማርካት የሚችለው አንባቢው አስማቱን በተረዳው መጠን ነው።

«የቶልኪን ‹የቀለበቶች ጌታ› ውስጥ ያለው አስማተኛ ጋንዳልፍስ?» ይሉኛል። እሺ፣ የጋንዳልፍ ኃይል ወሰኑ አይታወቅም፤ ያስፈራል፣ ያስደምማል። ግን የታሪኩ ጭንቅ ሁሉ የሚዞርበትን ክፉ ቀለበት ያጠፋው የእሱ በትር ነው? አይደለም። ቶልኪን ዋናውን ቋጠሮ በጋንዳልፍ አስማት አልፈታውም። እንዲህ ወሰኑ የማይታወቅ ልል አስማት የሚያምረው ችግር ሲያመጣ ወይም ከሩቅ ሲያንዣብብ ነው። ደራሲው በጨነቀው ቁጥር ብቅ እያለ የሚያድነው ከሆነ ግን ማጭበርበር ነው፤ ሌላ ስም የለውም።

ወጣቷ አንድ ቦታ ስታለች፤ እሱን ግን ዳኛው አላዩትም። መጀመሪያ ላይ በሁለት እፍኝ ቡና የተዝለፈለፈችው ልጅ መጨረሻው ላይ ሳይበርዳት መጋዘን ሙሉ እርጥብ ቡና ታደርቃለች። ዋጋው ለደራሲዋ ሲመቻት ብቻ ይከፈላል። የውሸት ዋጋ የሚታወቀው በዚህ ነው፤ ያችኑ ድርጊት ሁለት ቦታ ፈልጎ ክፍያውን ማስተያየት ነው። መባል የነበረበት «ሒሳቡን ጣይው» ሳይሆን «መጋዘኑ ላይም አስከፍያት» ነበር። ዳኛው ግን እስከ መጋዘኑ ድረስ ማንበባቸውን እጠራጠራለሁ።