«ወርቃማ ነው ጥቁር የምትፈልጉት?» ከማለታችሁ በፊት ስለ ሳህኑ ጠይቁ

የእጅ መታጠቢያ ቧንቧ ልትገዙ ስትገቡ ሻጩ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ ቀለሙን ነው። የሳህኑን ቅርጽ የሚጠይቅ የለም። ከዚያ ውሃው ወለል ላይ ይፈሳል፣ ጥፋተኛውም «ቧንቧውን በኃይል የሚከፍት» የቤቱ ሰው ይሆናል። አንገሸገሸኝ!

የእህቴን ቤት ልንገራችሁ። ሳህኑ ግራናይት ላይ የሚቀመጠው ክብ ዓይነት ነው፤ ቁመቱ 14፣ ስፋቱ 40 ሴንቲ ሜትር። የቧንቧው ቀዳዳ ከሳህኑ ጠርዝ 5 ሴንቲ ሜትር ወደ ኋላ ተበስቷል። እንግዲህ ከቀዳዳው እስከ ሳህኑ መሀል፣ ማለትም እስከ ፍሳሽ መውረጃው፣ 25 ሴንቲ ሜትር መሆኑ ነው። የተሸጠላት ቧንቧ ግን ወደ ፊት የሚዘረጋው 16 ብቻ ነው፤ የውሃ መውጫውም ከግራናይቱ 16 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይላል። ከሳህኑ ጠርዝ በላይ የቀረው 2 ሴንቲ ሜትር ነው! እጇን ስታስገባ ጣቶቿ የሳህኑን የኋላ ግድግዳ ይፍቃሉ።

ቅሬታ ስታቀርብ ባለሙያው «ረጅም ቧንቧ ይሻልሻል» አላት። ረጅሙ መጣ። መውጫው 30 ሴንቲ ሜትር ላይ ነው፤ ዝርጋታው ግን ያው 16። አሁን እጅ እንደ ልብ ይገባል፤ ውሃው ግን ከከፍታ ወርዶ የሚያርፈው መውረጃው ላይ ሳይሆን በኋላው ተዳፋት ላይ ነው። ከዚያ ቁልቁል ተንደርድሮ በፊት ለፊቱ ግድግዳ ሽቅብ ይወጣና የሚታጠበውን ሰው ሆዱ ላይ ይረጨዋል። የመስመር ውሃ በግፊት በሚመጣበት ቀንማ አይጣል ነው። ቁመት ሲጨመር ዝርጋታው ባለበት ከቀረ ችግሩ ቦታ ቀየረ እንጂ አልተፈታም።

ለዚህ ሳህን የሚስማማው መውጫው ከጠርዙ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ የሚል፣ ማለትም ከግራናይቱ 24 ወይም 25 ላይ የሆነ፣ ዝርጋታውም 22 አካባቢ የሚደርስ ቧንቧ ነው። ውሃው መውረጃው አጠገብ ያርፋል፣ እጅም ይበቃዋል። ዝርጋታ የሚለካው ከቧንቧው የመትከያ ቀዳዳ መሀል እስከ ውሃ መውጫው መሀል ነው፤ አንዳንድ ሻጭ ግን ከጀርባው ጀምሮ እስከ አፍንጫው ጫፍ ለክቶ «20 ነው» ይላችኋል። መውጫው ወደ ፊት ያዘነበለ ከሆነ ውሃው ትንሽ ራቅ ብሎ ያርፋል፤ ይህንንም ማየት ያስፈልጋል። ጎድጎድ ያለ፣ ግድግዳው ቀጥ ብሎ የሚወርድ ሳህን ትንሽ ስህተት ይችላል። ጠፍጣፋና ጥልቀት የሌለው ሳህን ግን ምንም አይምርም፤ ከከፍታ የወረደ ውሃ በየአቅጣጫው ይረጫል።

ይህን ሁሉ ለማወቅ ሜትር ብቻ ይበቃ ነበር፤ እሱም ግራናይቱ ከመበሳቱ በፊት! ከተበሳ በኋላ ሳህኑ አይገፋም፣ መውረጃውም አይንቀሳቀስም፤ የሚቀረው ዝርጋታው ረዘም ያለ ቧንቧ መፈለግ ብቻ ነው። ያንን ፍለጋ ስንሄድ ደግሞ ሻጩ የመጀመሪያውንም ሁለተኛውንም አልመልስም አለ። ምክንያቱ «ውሃ ነክቶታል» ነው።